«በገዛ እጇ ነው የላከችው» ላሉን የወረዳችን ፖሊስ ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። በግንባር ነግሬዎታለሁ፣ በጽሑፍም አስገብቻለሁ። ማመልከቻው ላይ ማኅተም ተመትቶበታል፣ መልስ ግን የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እያነበበው ልጻፍልዎት። የጣቢያውን ስም አልጠቅስም። እርስዎ ያውቁታል፣ ሠፈሩም ያውቀዋል።

ጉዳዩ የጎረቤቴ ነው። ከአዲስ አበባ ዳር፣ የታክሲ ረዳት «መጨረሻ!» ብሎ ሰው ከሚያራግፍበት ወዲያ ባለው ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እሷ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ቅዳሜ ዕለት 4,800 ብር ተጭበረበረች። ልታመለክት ስትመጣ ተረኛው መርማሪ ሁለት ነገር ተናገሯት። አንደኛው «በገዛ እጅሽ ነው የላክሽው፣ ማን አስገደደሽ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እንዴት አላወቅሽም?» የሚል ነው። እርስዎ ቢሮ ስንገባ ደግሞ የመጀመሪያውን ደገሙልን።

ሁለተኛው ቢያንስ ጥያቄ ነው፣ ከእሱ ልጀምር። ኮሪደራችሁ ላይ የተለጠፈው «ከአጭበርባሪዎች ይጠንቀቁ» የሚለው ወረቀት በምን እንደሚታወቁ አይናገርም። እኔ ልናገር።

ቅዳሜ ለጎረቤቴ የሒሳብ ቀን ነው። ምግብ ቤቶቹ የሳምንቱን የሚከፍሏት ያን ቀን ነው፣ ስልኳ ገንዘብ ገባ ሲል ነው የሚያረፍደው። በዚህ መሀል አንድ መልእክት መጣ። 4,800 ብር ተልኮልዎታል፣ የግብይት ቁጥሩ ይህ ነው፣ ቀሪ ሒሳብዎ 5,230 ብር ነው ይላል። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ደወለ። «እናቴ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ! እናቴ ሆስፒታል ተኝታለች፣ ለመድኃኒት የላኩላት ብር አንድ ቁጥር ስቼ እርስዎ ጋ ገባ። ሐኪሙ እየጠበቀ ነው።» ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማል። እሷም እናት ናት። በሰጣት ቁጥር 4,800 ብር ላከችለት።

የመጣው ገንዘብ አልነበረም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። የላከችው የራሷን ነው።

አሁን መልእክቱን አብረን እንየው። በእሷ ስልክ ላይ ዛሬም አለ፣ መርማሪዎ ለማየት ስላልፈለጉ ነው እንጂ።

ከሁሉም በላይ የሚያጋልጠው ቀሪ ሒሳቡ ነው። ከዚያ መልእክት በፊት ሒሳቧ ላይ 6,150 ብር ነበር። 4,800 በእርግጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ 10,950 ይሆን ነበር። መልእክቱ ግን 5,230 ይላል፤ ገንዘብ ተጨመረልሽ እያለ ከነበራት አሳንሶ ነው የጻፈው። ለምን? አጭበርባሪው የሰው ሒሳብ ውስጥ ስንት እንዳለ አያውቅማ። ወይ ቁጥሩን ከጭንቅላቱ ያወጣል፣ ወይ ቀሪ ሒሳብ የሚለውን መስመር ጭራሽ ይተወዋል። የእውነተኛውን መልእክት ቃላት፣ ነጥቡን፣ የግብይት ቁጥሩን ቅርፅ ቀድቶ መጻፍ ይችላል። ይህቺን አንዲት ቁጥር ግን ሊገምት እንጂ ሊያውቅ አይችልም። እንጀራ ነጋዴ ደግሞ መደመር አይቸግራትም። የቸገራት ደምሪው ያላት ሰው አለመኖሩ ነው።

ሁለተኛው ላኪው ነው። መልእክቱ የመጣው በ09 ከሚጀምር ተራ የስልክ ቁጥር ነው። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ከሰው ስልክ አይጽፉም። ለምሳሌ የቴሌብር መልእክት 127 ከሚል ላኪ ነው የሚመጣው። ከእነሱ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ አንድ ቦታ ይጠራቀማል፤ ወደ ላይ ቢሉት ያለፈው ሳምንት፣ ያለፈው ወር ክፍያ እየተከተለ ይወጣል። የሐሰቱ መልእክት ግን ብቻውን ነው የተቀመጠው፣ ከበላዩ ምንም የለም። ሆኖም በላኪው ስም ብቻ መተማመን አይገባም። የላኪን ስም አስመስሎ መላክ የሚቻልበት ዘዴ አለ፣ ያኔ የሐሰቱ ከእውነተኞቹ ጋር ተደባልቆ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ላኪው የተሳሳተ ከሆነ መልእክቱ ሐሰት ነው፤ ላኪው ትክክል ከመሰለ ግን ገና አልተረጋገጠም።

የሚያረጋግጠው ሒሳብን በራስ እጅ ከፍቶ ማየት ነው። መልእክቱ ውስጥ ባለ ማስፈንጠሪያ አይደለም፣ ደዋዩ በሚያዝዘው ኮድም አይደለም። ቴሌብር ከሆነ መተግበሪያውን ከፍቶ ወይም `*127#` ደውሎ ቀሪ ሒሳብ ማየት ነው። በይነመረብ የሌለው የቁልፍ ስልክም ይሠራል። ደዋዩ መስመር ላይ እንዳለ አይደለም ታዲያ። እሱ ስልኩ እንዳይዘጋ የሚለማመጠው ለዚሁ ነው። ስልኩ ከተዘጋ ሰው ሒሳቡን ያያል።

ሦስተኛው ደግሞ የገዛ ታሪኩ ነው። «አንድ ቁጥር ስቼ ነው» አለ። እንዲያ ከሆነ የእናቱ ቁጥር ከጎረቤቴ ቁጥር በአንድ አኃዝ ብቻ መለየት ነበረበት። መልሺበት ብሎ የሰጣት ግን ምንም የማይመሳሰል ሌላ ቁጥር ነው። ልትልክ ስትል የተቀባዩ ስም ወጣ፣ የሴት ስም ነው። «የእህቴ ነው» አላት። ልብ ይበሉ፣ የተቀባዩ ስም ከማረጋገጫው በፊት ለላኪው የሚታይ ከሆነ እሱም ሲልክ የጎረቤቴን ስም አይቶ መሆን ነበረበት። እናቱ በእሷ ስም ነው እንዴ የምትጠራው?

እንግዲህ «እንዴት አላወቅሽም?» ለሚለው መልሱ ይህ ነው። አሁን እርስዎም ያውቃሉ።

ብሩ በእርግጥ ቢገባስ? ይህ ደግሞ የባሰ ነው፣ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡ ጨምሮ ከተገኘ «አሀ፣ እውነቱን ነው» ተብሎ ወዲያው ይላካል። ግን የገባው ገንዘብ ከሌላ ከተታለለ ሰው የተወሰደ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ሲያመለክት ገንዘቡ የገባው በማን ስም ነው? በእሷ። ወደ ሦስተኛ ሰው ያስተላለፈችውም እሷ ናት። (ያኔ መዝገብ ሳይውል ሳያድር እንደሚከፈት አልጠራጠርም።) ወይም ላኪው በአንድ በኩል ከእሷ ያስመልሳል፣ በሌላ በኩል ለአገልግሎቱ አመልክቶ ዝውውሩን ያሰርዛል፣ ሁለቴ ትከፍላለች። ስለዚህ በስህተት የገባን ብር በአዲስ ዝውውር መመለስ አይገባም፣ ደዋዩ ለሚሰጠው ሌላ ቁጥርማ በፍጹም። ብሩን ሳይነኩ አስቀምጦ ለአገልግሎቱ መደወል፣ ደዋዩንም «አንተም እዚያው አመልክት፣ እነሱ ይመልሱልሃል» ማለት ነው። በእውነት የተሳሳተ ሰው ይናደድ ይሆናል እንጂ ይሄዳል። አጭበርባሪው ግን መለመኑን ትቶ ማስፈራራት ይጀምራል።

ማስፈራሪያውም ይሠራል። በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ችግር ገጥሞት ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ ያወጡ ጊዜ፣ ያልመለሱት ስማቸው ሲለጠፍ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ወዲህ «የሰው ብር ይዘሻል፣ ፖሊስ አመጣብሻለሁ» ሲባል የማይደነግጥ የለም። የማይገባ ክፍያ እንደሚመለስ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከአንቀጽ 2164 ጀምሮ ይደነግጋል፣ ትክክል ነው። ግን የሚመለሰው ለከፈለው ሰው ነው፣ ደውሎ ለጮኸው አይደለም።

አሁን ወደ እርስዎ ቃል ልመለስ። «በገዛ እጇ ነው የላከችው።»

ክቡር ሆይ፣ የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ሊጠፋ አይችልም። የማይገባውን ብልጽግና ለማግኘት አስቦ፣ ሐሰት ተናግሮ ወይም እውነቱን ሰውሮ፣ ሌላውን ሰው የገዛ ንብረቱን ጥቅም የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም ያደረገ ሰው አታላይ ነው ይላል። ድርጊቱን የሚፈጽመው ተበዳዩ ራሱ ነው ማለት ነው። በገዛ እጇ ባትልክማ ስርቆት ይባል ነበር፣ አንቀጹም ሌላ ይሆን ነበር። እርስዎ ክሱን ለመዝጋት የጠቀሱት ነገር ሕጉ ወንጀሉን የሚለይበት ነው። ይህን ለእርስዎ መንገር ያሳፍራል፣ ግን ነገርኩ።

«ተጠርጣሪው አይታወቅም» መባሉ ደግሞ አለ። የደወለበት ቁጥር አለ። ገንዘቡን የተቀበለው ቁጥር አለ። የተቀባይዋ ሙሉ ስም ስክሪኑ ላይ ወጥቷል። የዝውውሩ መለያ ቁጥርና ሰዓቱ በመልእክት ደርሷታል። ሲሙ በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፣ ስሙ ወንጀለኛው ጋ በቀጥታ ላያደርስ ይችላል። ግን ይህን የሚያጣራው ማነው? እንጀራ ጋጋሪዋ?

ሰዓት ወሳኝ ነበር። መጭበርበሯን ለሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ወዲያው አሳውቃለች፣ የሌላን ሰው ሒሳብ አግዶ ማቆየት የፖሊስ ደብዳቤ ይፈልጋል ተባለች። ይህን ልረዳ እችላለሁ፤ ያለዚያ ማንም እየደወለ የማንንም ሒሳብ ያሳግዳል። ስለዚህ በቀጥታ እናንተ ጋ መጣች። ብሩ በወኪል በኩል ጥሬ ሆኖ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው። የእናንተ መልስ ደግሞ «ሰኞ ነይ» ነበር። ሰኞ ስትመጣ «በገዛ እጅሽ» ሆነ። ያ ደብዳቤ ቅዳሜ ቢጻፍ ብሩ ይገኝ ነበር ብዬ አልምልም። እንዳይገኝ የተደረገው ግን እንዴት እንደሆነ አይተናል።

ከ6,150 ብሯ የቀራት 1,350 እንኳ አይሞላም፣ የአገልግሎት ክፍያ ተቆርጦበታል። የጤፉ ዱቤ ግን እንዳለ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መዝገብ ይከፈት፣ ቁጥሩም ይሰጠን። የተቀባዩ ሒሳብ ባለቤት እንዲጣራ ደብዳቤው ይጻፍ። ቅዳሜና እሑድ የሚመጣ ሰው ደብዳቤውን ያኔውኑ የሚያገኝበት ተረኛ ይመደብ። የኮሪደሩን ወረቀት ደግሞ አንሥታችሁ «ደምሩት፣ ሒሳባችሁን ራሳችሁ እዩ፣ ለሌላ ቁጥር አትመልሱ» ብላችሁ ጻፉበት።

በዚህ ሳምንት ከጎረቤቴ ጋር እንመጣለን። መዝገብ የማይከፈት ከሆነ እምቢታው ከነምክንያቱ በጽሑፍ፣ በፊርማዎና በማኅተም ይሰጠን። ወደ ዐቃቤ ሕግ ይዘን የምንሄደው እሱን ነው።