ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በድርሰት ውስጥ ያለን የአራዳ ቋንቋ ወደ መደበኛ አማርኛ ስለ መለወጥ

ልጆቻችሁ የእረፍት ቀን ውሏቸውን የሚተርኩበትን ድርሰት አርመው በመጪው ዓርብ ይመልሳሉ። የአማርኛ መምህራን በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ በቀይ ያሰመሩት አብዛኛው የአራዳ ቋንቋ ነው። ቤት ውስጥ ስታግዟቸው እንዲመቻችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደሚቃና ላሳያችሁ፦

«እሁድ ከጀለሶቼ ጋር ጣና ዳር ነፍ ፈታ አልን፣ ሻይ ምናምን ጠጣን፣ ከዛ አንዱ ሙድ ሲይዝብኝ ላሽ አልኩ።»

«ጀለሶቼ» አያስቸግርም፤ «ጓደኞቼ» ማለት ይበቃል። ችግሩ የሚመጣው ቃል በቃል ሲተካ ነው። «ነፍ» ብዙ ማለት ነው ብሎ «ብዙ ተፈታን» የጻፈ ተማሪ ከእስር የወጣ ይመስላል። የተፈለገው «በጣም ተዝናናን» ነው። «ሐሴት አደረግን» ብሎ መጻፍ ደግሞ ወዲያኛው ጥግ መሄድ ነው፤ ጣና ዳር ሻይ ለጠጣ ልጅ ይከብዳል።

«ምናምን»ን የሚተካ ቃል አትፈልጉ። ከሻይ ሌላ ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁት። የተጠበሰ ዓሣ ከሆነ ዓሣው ይጻፍ። «ሙድ ያዘብኝ» ሲልም እንዲሁ ነው፦ ለጨዋታ ከሆነ «ቀለደብኝ»፣ ለማዋረድ ከሆነ «አላገጠብኝ» ይላል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው የነበረበት ልጅ ብቻ ነው። «ላሽ አልኩ»ም ተደብቆ ወጣ፣ ሮጠ ወይስ ሳይሰናበት ሄደ የሚለውን አይነግረንም። እንግዲህ የአራዳ ቋንቋ የማታውቁ ወላጆች ለዚህ ሥራ ከእኛ ትሻላላችሁ፤ የምር ስለማይገባችሁ የምር ትጠይቃላችሁ።

ልጁ መልስ ከሰጠ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እሑድ ዕለት ከጓደኞቼ ጋር በጣና ሐይቅ ዳርቻ በጣም ተዝናናን። ሻይ ጠጣን፤ የተጠበሰ ዓሣም በላን። ከዚያ በኋላ ግን አንደኛው ስላላገጠብኝ ሳልሰናበታቸው ወደ ቤቴ ሄድሁ።»

አንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሆነ፤ «ከዛ» «ከዚያ» ሆነ፤ የሄደበት ምክንያትም «ስላላገጠብኝ» በሚለው ግልጽ ሆነ።

ሁለት ነገር ግን አታስጠፏቸው። «ሄድሁ» የአካባቢያችን አነጋገር ነው ብላችሁ «ሄድኩ» እንዲል አታስገድዱት፤ በመጻሕፍትም ያለ ነውና ሁለቱንም እንቀበላለን፤ በአንድ ድርሰት ውስጥ ግን አንዱን ይዞ ይቀጥል። እንዲሁም በድርሰቱ ውስጥ ጓደኛው «ላሽ እንበል» ብሎ ከተናገረ፣ ንግግሩ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እስካለ ድረስ እንዳለ ይቆይ። ተራኪው ራሱ እንዲህ ከጻፈ ግን ይታረማል።

እባካችሁ እርማቱን ልጁ በራሱ እጅ ይጻፈው፤ የመጀመሪያውን ወረቀትም አብሮ ያምጣ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር