የሻጭ ወሬና የሻጭ ተንኮል ለየቅል ናቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ያገለገለ መኪና ስለመግዛት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ብዙ ጥሩ ምክር አለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አሳስቦኛል። «ሻጩ ከዋሸ ውሉ ያኔውኑ ፈርሷል» ይላል። እኔ በጥብቅና ስሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ይህንኑ አምነው መኪናውን ሻጩ በር ላይ ጥለው የሄዱ፣ ቀሪውን ክፍያ ምንም ሳይሉ ያስቀሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። መጨረሻ ላይ የተከሰሱት እነሱው ናቸው። ስለዚህ ነገሩን አስተካክሉልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የእህቴ ልጅ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። በደላላ በኩል አንዲት ቪትዝ አገኘ። ሻጩ መኪናዋን እያሳየው ብዙ ተናገረ። «ሞተሯ ሰዓት ነው» አለው። «ነዳጅ አትጠጣም፣ በዚህ ዋጋ እንደሷ ያለ አታገኝም» አለው። ቀጥሎም ዳሽቦርዱን አብርቶ «ይኸው፣ 78 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው» ብሎ አሳየው። ልጁ ተስማማ። አብዛኛውን ገንዘብ ከፍሎ መኪናዋን ተረከበ። 150 ሺህ ብር ደግሞ ስም ሲዛወር ሊከፍል ተዋዋሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ዘይት ሊያስቀይር ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩ ገና ሲገባ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ አይቶ ተጠራጠረ። ጎማው አልቆ ብረቱ ሊታይ ደርሷል፣ መሪውም ተልጦ ለስልሷል። 78 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና እንዲህ አይሆንም። ኮፈኑን ሲከፍተው አንዲት የቆሸሸች የዘይት ቅያሪ ካርድ ተንጠልጥላ አገኘ። ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈች ናት፤ 163 ሺህ ይላል። ካርዱን የሰጠው ጋራዥ ሄደን ስንጠይቅ የታርጋ ቁጥሩና የባለጉዳዩ ስልክ ተመዝግቦ ተገኘ። ስልኩ የሻጩ ነበር።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። «ሞተሯ ሰዓት ነው» የሚለውን ይዞ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው አያሸንፍም። ይህ የገበያ ወሬ ነው። የሚለካ ነገር የለውም፣ ሰሚውም እንደ ማሞካሻ ነው የሚሰማው። «እንደሷ አታገኝም» የሚለውም እንዲሁ የሻጩ አስተያየት ነው። «78 ሺህ ነው የሄደችው» ግን ሌላ ነገር ነው። እውነት ወይም ውሸት መሆኑ ሊረጋገጥ ይችላል። ገዢውም ዋጋ የሚያወጣው በሱ ላይ ተመሥርቶ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውሸት ሁሉ ውል ያፈርሳል አይልም። አንቀጽ 1704 የሚጠይቀው ተንኮልን ነው። ተንኮል ማለት ሌላውን ለማሳሳት የተሠራ ድርጊት ነው፤ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ መመለስ፣ ሰነድ መቀየር፣ የተጋጨ አካል በቀለም ሸፍኖ እንዳልተነካ ማሳየት። ያ ተንኮል ባይኖር ኖሮ ገዢው ውሉን አይገባም ነበር መባልም አለበት። በአፍ ብቻ ስለተነገረ ውሸት፣ ወይም መናገር ሲገባ ዝም ስለማለት የሚያወራው ቀጣዩ አንቀጽ 1705 ነው። እሱ ደግሞ በተዋዋዮቹ መካከል የተለየ መተማመን የሚፈጥር ግንኙነት እንዲኖር ይፈልጋል። በደላላ የተገናኙ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች እንዲህ ያለ ግንኙነት አለን ለማለት ይቸግራቸዋል። እንደኔ እንደኔ ይህ ለገዢ የከበደ ሕግ ነው። ግን እስካለ ድረስ ማወቅ አለብን።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ጠንካራው ነገር ሻጩ «78 ሺህ» ማለቱ ሳይሆን የተመለሰው ቆጣሪ ነበር። ካርዷና የጋራዡ መዝገብ ደግሞ ሻጩ ያውቅ እንደነበር አሳዩ። ይህ ወሳኝ ነው። ቆጣሪውን የመለሰው የቀድሞ ባለቤት ቢሆንና ሻጩ ምንም ሳያውቅ ቢሸጥ ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ሦስተኛ ሰው የሠራው ተንኮል ውል የሚያፈርሰው በውሉ የተጠቀመው ወገን ካወቀ ወይም ማወቅ ይገባው ከነበረ ነው። ያኔ በስህተት ወይም በዕቃ ጉድለት በኩል መሄድ ይቻል ይሆናል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው፣ ማስረጃውም ሌላ።

ሻጩ መጀመሪያ ያነሳው መከራከሪያ የውሉን ጽሑፍ ነበር። የኛ የመኪና ሽያጭ ውሎች ላይ «ገዢም አይቼና አስመርምሬ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል መስመር አይጠፋም። ሥሩም «በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 የጸና ነው» ይባላል። ይህ መስመር በዓይን ለሚታይ ነገር ይሠራል። የተሰነጠቀ መስታወት አይቶ የገዛ ሰው ኋላ ማማረር አይችልም። ሆን ተብሎ የተደበቀን ነገር ግን አይሸፍንም። ልጁ ወድጄ ገዝቻለሁ ያለው 78 ሺህ የሄደችውን መኪና ነው።

የተታለለ ገዢ ታዲያ ምን ያድርግ? ውሉ በራሱ አልፈረሰም። እስኪፈርስ ድረስ የጸና ነው። ይፍረስልኝ ማለት የሚችለውም የተታለለው ወገን ብቻ ነው። ሻጩ ዋጋ ሲጨምር አይቶ «አታልዬህ ነበርና መኪናዬን መልስ» ማለት አይችልም። ለዚህ ነው «ያኔውኑ ፈርሷል» የሚለው አነጋገር አደገኛ የሆነው።

እኛ መጀመሪያ መኪናዋን አቆምናት። ተንኮሉን ካወቁ በኋላ ወራት ቢነዷት ሻጩ «አውቆ ተቀብሎታል» ይላል፤ ክርክሩም ይጠነክርለታል። ከዚያ ጽፈን አሳወቅነው። መቼ እንዳወቅን፣ ምን እንዳገኘን፣ ውሉ እንዲፈርስ እንደምንፈልግ፣ 150 ሺህ ብሩን የማንከፍለውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ በግልጽ አሰፈርን። ሕጉ ሊፈርስ የሚገባውን ውል አልፈጽምም ማለትን ይፈቅዳል፤ ግን ለሌላው ወገን መንገር ያስፈልጋል። ዝም ብሎ ማስቀረት ውል አለመፈጸም ሊመስል ይችላል። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተን አንዱ ላይ መቀበሉን አስፈረምነው።

ሻጩ እምቢ ሲል ክስ መሠረትን። ለክሱ ያለው ጊዜ ተንኮሉ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ አንቀጽ 1810 ላይ አለ። ምስክር ሳይሰማ ሻጩ ራሱ እንታረቅ አለ። የጋራዡ መዝገብ ከክሱ ጋር መያያዙን ሲያይ ይመስለኛል። መኪናዋን ወሰደ፣ የተከፈለውን መለሰ። ውል ሲፈርስ መርሁ እንዲህ ነው፤ ሁለቱም በተቻለ መጠን ውሉ ባይኖር ኖሮ በሚሆኑበት ቦታ ይመለሳሉ። በተቻለ መጠን የሚለውን ልብ በሉ። መኪናዋ በዚህ መሀል ምንም ለማያውቅ ሌላ ገዢ ተሸጣ ቢሆን ኖሮ እሷን መመለስ ቀርቶ ወደ ካሳ ይገባ ነበር። ልጁም ቢሆን ለደላላው የከፈለውን ኮሚሽን እስካሁን አላገኘም።

ጽሑፉን ስታስተካክሉ አንድ ነገር ጨምሩበት። ገዢ ወሳኝ የሆነበትን ነገር በውሉ ላይ ያስጽፈው፤ «የተጓዘችው 78 ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑን ሻጭ አረጋግጫለሁ» ተብሎ። ሻጩ ይህን አልጽፍም ካለ ገዢው ገና ገንዘቡን ሳይሰጥ ያውቀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጠበቃ፣ ከአዲስ አበባ