የቁመት ክሊፖቻችሁን አቆራረጥ ስለመቀየራችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቅርቡ ከእናንተ አንዱ ደውሎ «ክሊፑን ሳየው አዞረኝ፤ ጀልባ ላይ ያለሁ መሰለኝ» አለን። እውነቱን ነው። የላከልን በወርድ የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ትምህርት ነበር። ለአጫጭር ቪዲዮ በቁመት ስንቆርጠው ሥራውን ሁሉ ፊት ለሚከታተለው ፕሮግራም ተውነው። አስተማሪው ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ፍሬሙም አብሮ ይወዛወዛል። ስላይዱ ላይ የሰው ፎቶ ሲመጣ ጭራሽ አስተማሪውን ትቶ ወደ ፎቶው ሄደ።

ከዚያ ወዲህ በእጅ ነው የምንሠራው። የተለመደው ቪዲዮ 1920 በ1080 ፒክስል ነው። ሙሉ ቁመቱን ይዘን ከወርዱ የምንወስደው 608 ብቻ ነው፤ ሲሶ እንኳ አይሞላም። በዚህች ጠባብ መስኮት ነው ተናጋሪውን የምንይዘው። አፍንጫው ከግራ ጠርዝ 700ኛው ፒክስል ላይ ከሆነ መስኮቷ ከ396 ትጀምራለች፤ ያኔ ልክ መሃል ይሆናል።

ግን እግር በእግር አንከተለውም። ከመሃል ግራና ቀኝ 80 ፒክስል ያህል እንተውለታለን። እጁን ቢያወናጭፍ ወይ ዘንበል ቢል መስኮቷ ንቅንቅ አትልም። ወደ ሰሌዳው ሲራመድ ብቻ ቀስ ብላ ተነስታ ቀስ ብላ ትቆማለች። ሳይናገር ከተራመደማ እርምጃውን ቆርጠን እናወጣና ከአዲሱ ቦታው እንቀጥላለን። ተመልካች ይህን ከመወዛወዝ ይልቅ በቀላሉ ይቀበለዋል።

የሚያቅተን ጥግ ላይ ሲቆም ነው። 200ኛው ፒክስል ላይ ካለ፣ እሱን መሃል ለማድረግ መስኮቷ ከምስሉ 104 ፒክስል መውጣት አለባት። እዚያ ደግሞ ምንም ምስል የለም። ያለን አማራጭ ወደ 400 በ711 ማጥበብ ነው። ያንን ወደ ክሊፑ 1080 ፒክስል ወርድ ስንለጥጠው 2.7 እጥፍ ይሆናል፤ ፊቱ ይደበዝዛል። ቀረጻው በ4K ከሆነ ግን ያቺው መስኮት 800 ፒክስል ስላላት ብዙም አይታወቅም።

ሌላው «ይቺን መስመር ተመልከቱ» የሚልበት ቦታ ነው። ተናጋሪውን ብቻ ከያዝን ጣቱ ባዶ ነገር ይጠቁማል። እንዲህ ሲሆን ስላይዱን ሙሉውን ከታች፣ እሱን ከላይ እናደርጋለን። ከክሊፑ 1920 ፒክስል ቁመት ስላይዱ 608 ይይዛል፤ ለተናጋሪው 1312 ይተርፈዋል። ከቀረጻው ላይ የተቆረጠ ስላይድ ግን ጽሑፉ አይነበብም፤ ስለዚህ ፋይሉን ለብቻው ላኩልን።

ለሚቀጥለው ቀረጻ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቁም፣ 4K ይሁን። ተናጋሪው የሚቆምበት ቦታ ከሁለቱም ጠርዞች የምስሉን ወርድ አንድ ስድስተኛ ያህል ይራቅ። ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ብታደርጉለት ይበቃል።

ያንን የሚያዞር ክሊፕ እንደገና ሠርተን መልሰናል። እናንተም እንደዚያ የሚወዛወዝ ከደረሳችሁ ላኩልን፤ ያለ ክፍያ እናስተካክለዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤዲቲንግ ክፍል