የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ አራት ማይክሮስኮፕ ለሃያ አራት ተማሪ

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ በአብዛኛው በአንድ ትምህርት ላይ ያተኮረ ነበር፤ የሽንኩርት ሴልን በማይክሮስኮፕ አይቶ ያዩትን መሣል። አባላቱ 24፣ የሚሠሩት ማይክሮስኮፖች 4 ናቸው። ስድስት ተማሪ ተሰልፎ ተራ በተራ አጮልቆ ሲያልፍ፣ ወንበሩ ላይ ተመልሶ የሚሥለው ያየውን ሳይሆን መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን ነው፦ የተደረደረ ጡብ፣ በእያንዳንዱ መሃል አንድ ነጥብ። ስለዚህ የዓመቱን ዕቅድ የሠራነው በአንድ ደንብ ላይ ነው። እርሳስ የሚነሣው ማይክሮስኮፑ ፊት ብቻ ነው።

የአርብ ከሰዓት መርሐ ግብራችን 90 ደቂቃ ነው። ለእያንዳንዱ ማይክሮስኮፕ ስድስት ተማሪዎች ተመድበው በሦስት ጥንድ ይከፈላሉ። አንዱ ጥንድ ስላይድ ያዘጋጃል፣ ሁለተኛው ያያል፣ ይሥላል፣ ሦስተኛው ካለፈው ሳምንት ሥዕሎች ስሕተት ይለቅማል። በየ20 ደቂቃው ቦታ ይለዋወጣሉ። ከማዘጋጃው የሚነሣው ጥንድ በቀጥታ ወደ ማይክሮስኮፑ ይሄዳል፤ ቅደም ተከተሉ የተመረጠው ስላይዱ ሳይደርቅ እንዲታይ ነው። መጀመሪያ ማይክሮስኮፑ ላይ ለሚቀመጠው ጥንድ መምህሩ አንድ ስላይድ ቀድሞ ያዘጋጃል፤ በሚቀጥለው ሳምንት መነሻ ቦታው ይቀያየራል። ቀሪው 30 ደቂቃ ለመግቢያ፣ ለጽዳትና ለዕቃ ቆጠራ ይውላል። ማይክሮስኮፑ ፊት ባሉት 20 ደቂቃዎች ውስጥም አንዱ 10 ደቂቃ ሲሥል ሌላው ትኩረቱን ያስተካክልለታል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ።

ለዝግጅቱ ከየቤቱ የሚመጣው ቀይ ሽንኩርት ይበቃል። ከውስጠኛው ንጣፍ ጎድጓዳ ፊት ስሱን ልባስ በወረንጦ ልጦ፣ የጥፍር ያህል ቆርጦ ውሃ ጠብታ ላይ ማንጠፍ ነው። ከታጠፈ ሁለት ድርብ ሴል ተደራርቦ ይታያልና በመርፌ ጫፍ ይዘርጋ። ከፋርማሲ የሚገዛው አዮዲን እንዳለ ከገባ ሁሉንም ያጠቁረዋል፤ እኛ አንዱን እጅ በአምስት እጅ ውሃ አቅጥነን አንድ ጠብታ እንጨምራለን። ሽፋን መስታወቱ መጀመሪያ በአንድ ጎኑ ጠብታውን ነክቶ፣ በመርፌ ተደግፎ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በአንዴ ከተጣለ አየር ይታሰራል። የአየር አረፋ ጠርዙ ወፍራምና ጥቁር፣ ውስጡ ባዶና የሚያበራ ፍጹም ክብ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚሥለው እሱን ነው።

ሁልጊዜ 4 እጥፍ በሚያጎላው፣ በ4ቱ ሌንስ ይጀመራል። ትልቁ የትኩረት ቁልፍ የሚዞረው በዚህ ሌንስ ብቻ ነው። ወደ 40ው ከተሻገሩ በኋላ የሚነካው ትንሹ ቁልፍ ነው፤ አለበለዚያ ሌንሱ ሽፋን መስታወቱን ይሰብራል፣ ራሱም ይጫራል። መብራት ሲጠፋ መስታወት ያላቸውን ማይክሮስኮፖች ወደ መስኮት እናዞራለን፤ መስታወቱ ግን ወደ ሰማዩ ብርሃን እንጂ ፈጽሞ ወደ ፀሐይዋ አይዞርም፣ ዓይን ይጎዳል።

በሥዕሉ ላይ ብዙ ጊዜ የወሰደብን የማጉያው ቁጥር ነበር። ተማሪዎች በዓይን በኩል ያለውን ሌንስ 10 በታችኛው ሌንስ 10 አባዝተው ከሥዕላቸው ሥር «×100» ይጽፋሉ። ያ የማይክሮስኮፑ ማጉያ እንጂ የሥዕሉ አይደለም። የሥዕሉን ለማግኘት የሴሉ እውነተኛ ርዝመት መታወቅ አለበት። ብርሃን የሚያሳልፍ ማስመሪያ በ4ቱ ሌንስ ሥር ሲቀመጥ፣ በእኛ ማይክሮስኮፖች የሚታየው ክብ ስፋት 4.5 ሚሊሜትር ነው። በ10ሩ ሌንስ ክቡ በ2.5 እጥፍ ይጠባል፤ 1.8 ሚሊሜትር ይሆናል። ክቡን ከዳር እስከ ዳር ስድስት ሴሎች በቁመታቸው ከሞሉት፣ አንዱ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ተማሪዋ ያንን ሴል 9 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 90 ሚሊሜትር አድርጋ ከሣለችው፣ 90 ለ0.3 ሲካፈል ሥዕሏ ×300 ነው።

ሌላው የአሣሣል ሕግ አጭር ነው። የተቀረጸ እርሳስ፣ ያልተቆራረጠ ነጠላ መስመር፣ ጥላ የለም፤ የስም መስመሮች በማስመሪያ ይሠመራሉ፣ አንዱ ሌላውን አያቋርጥም። ሦስት ወይም አራት ሴል ይበቃል።

ስሕተት ለቃሚው ጥንድ ከሁሉ ቀድሞ የሚያየው ኒውክለሱን ነው። የሽንኩርት ሴልን መሃል የሚሞላው ቫኩዮል የሚባል ትልቅ የፈሳሽ ከረጢት ስለሆነ፣ ኒውክለሱ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ይቀመጣል። በጎን ግድግዳ ከተለጠፈ ዳር ላይ ይታያል፤ በላይኛው ወይም በታችኛው ግድግዳ ከሆነ ደግሞ መሃል ያለ ይመስላል፣ ትንሹ ቁልፍ ሲዞር ግን ከሌሎቹ ጋር እኩል አይጠራም። በሁሉም ሴል ልክ መሃል ላይ ነጥብ ያለበት ሥዕል ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው። በጥቅምት ከቀረቡት ሥዕሎች አብዛኞቹ እንዲያ ነበሩ። በግንቦት ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ሥዕሎች ላይ ኒውክለሱ አንዱ ጋ ጥግ ይዟል፣ አንዱ ጋ መሃል ነው፣ አንዳንዱ ሴል ጋ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ተማሪው በጎኑ «በዚህ ትኩረት አልታየም» ብሎ ጽፎበታል።