ስለ ጓንት ለጠየቃችሁን ደንበኞቻችን

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከባንኮኒው ፊት ቆማችሁ ቁርሳችሁን የምትጠብቁ ብዙዎቻችሁ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ታነሡልናላችሁ፤ «ሳንድዊች የምትሠራው ልጅ ጓንት አድርጋለች፣ ሳምቡሳ የሚጠብሰው ለምን አላደረገም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ ሳምንት በወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ለሠራተኞቻችን አጭር ማስታወቂያ ስለ ለጠፍን፣ እሱኑ ለእናንተም አሳይተን ምክንያቱን ማስረዳት መልካም መስሎ ታይቶናል። እንዲህ ይላል፦

«ሥራ ስትጀምሩ፣ ከመጸዳጃ ቤት ስትመለሱ፣ እንዲሁም ጥሬ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ገንዘብ፣ ስልክ፣ አፍንጫ ወይም ቆሻሻ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ካስታወካችሁ ወይም ተቅማጥ ከያዛችሁ አትምጡ፤ ደውሉ። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ካለባችሁ ወይም እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ፣ ምግብ ከመንካታችሁ በፊት ለኃላፊው ተናገሩ። ዳግመኛ እሳት የማያገኘውን ምግብ በጓንት ያዙ። ጓንቱን ከማጥለቃችሁ በፊት ታጠቡ።»

ከጓንቱ እንጀምር። ጓንት የምናስገድደው ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እናንተ አፍ ለሚሄድ ምግብ ነው፤ ለተቆረጠ አቮካዶ፣ ለሰላጣ፣ ለኬክ፣ ለሳንድዊች ዳቦ። ሳምቡሳው ግን ከእጅ የሚሄደው ወደ ፈላ ዘይት ነው። ከዘይቱ ሲወጣም በእጅ ሳይሆን በብረት መቆንጠጫ ይነሣል። ከዚህም በላይ ስስ ጓንት ከምድጃ አጠገብ አደገኛ ነው፤ ዘይት ሲፈናጠቅበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ሊጣበቅ ይችላል።

በጓንት ላይ ያለን ሌላው ቅሬታ ሠራተኛውን ማዘናጋቱ ነው። የቲማቲም ጭማቂ በባዶ እጅ ላይ ሲፈስ ያጣብቃል፣ ምቾት ይነሣል፣ ሰውየው ሳያስበው ወደ ቧንቧው ይሄዳል። ጓንት ያጠለቀ እጅ ግን ይህ ስሜት አይደርሰውም። በዚያው ጓንት ቲማቲም ይቆርጣል፣ የማቀዝቀዣውን እጀታ ይስባል፣ የመቶ ብር ኖት ይቀበላል፣ ተመልሶ ዳቦ ይከፍታል፤ የሚያየው ሰው ደግሞ ጓንቱን ብቻ አይቶ ልቡ ያርፋል። ስለዚህ ሕጋችን አንድ ጓንት ለአንድ ሥራ ነው። ሥራው ሲቀየር ወይም ጓንቱ ሲቀደድ ይጣላል፤ ታጥቦ ዳግም አይለበስም። ሳንድዊች የምትሠራው ልጅ ሒሳብ የማትቀበለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እባካችሁ ብሩን ለእሷ አትዘርጉላት።

እጅ መታጠብን በተመለከተ የምንጠይቀው ቀላል ይመስላል፤ ሳሙና ተቀብቶ ቢያንስ 20 ሰከንድ ማሸት። ጊዜው የሚቆጠረው እጁ ሳሙና ይዞ ሲታሽ እንጂ ውኃው ሲፈስ አይደለም። ሰው ሲቸኩል መዳፉን ከመዳፉ ጋር ሁለቴ አሽቶ ይተወዋል፤ የሚረሳው አውራ ጣቱን፣ የጣቶቹን ጫፍና የጥፍሩን ሥር ነው። ምግብ የሚነካው ደግሞ በአብዛኛው በእነዚሁ ነው። በወጥ ቤታችን ቀለበትና ረጅም ጥፍር የከለከልነው ለዚህ ነው። ውኃው ቀዝቃዛ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ቆሻሻውን የሚያነሣው ሳሙናውና ማሸቱ ነው። ከታጠቡ በኋላ እጅን በወረቀት ማድረቅ፣ በዚያው ወረቀትም ቧንቧውን መዝጋት ያስፈልጋል። ቀድሞ የተከፈተው ባልታጠበ እጅ ነውና። የጋራ ፎጣ መጠቀም አቁመናል።

ውኃ የሚቋረጥባቸው ቀናት እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ለእነዚያ ቀናት ቧንቧ የተገጠመላቸው 20 ሊትር የሚይዙ ጄሪካኖች አሉን፤ እጅ በተቀዳ ውኃ ውስጥ እየተነከረ አይታጠብም፣ ውኃው እየወረደ ይታጠባል። እነሱም ካለቁ ሰላጣና ፍራፍሬ መቁረጥ እናቆማለን። «ሳኒታይዘር ተጠቀሙ» ያላችሁን አላችሁ። ሳኒታይዘር የቆሸሸ ወይም ቅባት የነካው እጅ ላይ ብዙም አይሠራም፤ ትውከትና ተቅማጥ የሚያስከትለውን ኖሮቫይረስ ደግሞ በአግባቡ አያጠፋውም። ስለዚህ ከመታጠብ በኋላ ተጨማሪ እንጂ ምትክ አናደርገውም።

ከሁሉም በላይ የምንጠነቀቅለት የታመመ ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም የታመመ ሰው ምንም ያህል ቢታጠብና ጓንት ቢያደርግ አደጋው ሙሉ በሙሉ አይወገድም። ኖሮቫይረስ ለማሳመም እጅግ ጥቂት ቅንጣት ይበቃዋል፤ ሕመሙ ከቆመ በኋላም ቢሆን ከሰውነት መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ የምንከተለው ደንብ ትውከቱ ወይም ተቅማጡ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየ በኋላ 48 ሰዓት መጠበቅ ነው። በምሳሌ እናስረዳ። አንድ የወጥ ቤት ሠራተኛ እሑድ ሌሊት ማስታወክ ጀመረ እንበል፤ ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ አስታወከ። ማክሰኞ ጠዋት ተሽሎት ቁርሱን በላ፤ «ደህና ነኝ፣ ልምጣ» ብሎ ደወለ። መልሳችን አትምጣ ነው። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከሰኞ 10 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ የሚሞላው ረቡዕ በ10 ሰዓት ነው። የእሱ ፈረቃ የጠዋት በመሆኑ ሥራ የሚገባው ሐሙስ ነው።

የእነዚህን ቀናት ደመወዝ አንቆርጥም፤ ለሆድ ሕመምም የሐኪም ወረቀት አንጠይቅም። ይህ ቸርነት እንዳይመስላችሁ። ደመወዙ የሚቆረጥበት ሰው ሕመሙን ደብቆ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የጤና ምርመራ ካርድም ቢሆን ሰውየው በተመረመረበት ቀን የነበረበትን ሁኔታ ነው የሚናገረው፤ የትናንት ሌሊቱን ተቅማጥ አያውቅም። እናንተን የሚነካው ነገር፣ አልፎ አልፎ ረቡዕ ቀን መጥታችሁ «ዛሬ የአቮካዶ ሳንድዊች የለም» መባላችሁ ነው። በጾም ቀን ይህ እንደሚያስከፋ እናውቃለን፤ ያን ዕለት ግን የቆራጯ ቦታ ባዶ ነው ማለት ነው።

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሠራተኛ በ48 ሰዓት አይመለስም፤ የወፍ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም እስኪፈቅድለት ድረስ ከምግብ ይርቃል። ታይፎይድ የተገኘበትም እንዲሁ። ቁስልን ሰዎች ይንቁታል። መግል ከያዘ ቁስል ወደ ምግብ የሚገባ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ከቆየ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም ምግቡ ዳግም ቢሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ ትንሽ የቢላዋ ጭረት ውኃ በማያስገባ ፕላስተር ይሸፈንና ጓንት ከላይ ይጠለቅበታል። ፕላስተሩ ሰማያዊ የሆነው ምግብ ውስጥ ቢወድቅ ቶሎ እንዲታይ ነው። ቁስሉ መግል ከያዘ ግን ሠራተኛው እስኪድን ድረስ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል።

ደንቡ መከበሩን የምናውቀው በመጠየቅ ብቻ አይደለም። የወጥ ቤት ኃላፊዋ በየምሽቱ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ያለውን የወረቀት ቅርጫትና የሳሙና ዕቃ ታያለች። ጓንቱ በብዛት አልቆ ሳሙናው ካልጎደለ፣ ሰዎቹ ሳይታጠቡ ጓንት እየቀያየሩ ነው ማለት ነው።

እናንተም ከእኛ ዘንድ ተመግባችሁ ሕመም ከተሰማችሁ እባካችሁ ንገሩን፤ ምን እንደበላችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደበላችሁና ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደጀመረ። ትውከቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከመጣ ሳይቀዘቅዝ የቆየ ምግብና የቆሰለ እጅ እንፈልጋለን፤ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ከቆየ ደግሞ በዚያ ቀን ታሞ የሠራ ሰው መኖሩን እንጠይቃለን። ከባድ ተቅማጥ፣ ደም ወይም ትኩሳት ካለ ግን መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ለእኛ በኋላ ትነግሩናላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የካፌው ሥራ አስኪያጅ