«ቀሪ ጊዜዎ አይነካም» ተብሎ ስለተወሰደብኝ 60 ቀን

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የደንበኝነት እድሳት የማብቂያ ቀን እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

የደንበኝነት ቁጥሬም ሆነ የከፈልኩበት ደረሰኝ በእጃችሁ ስላለ እሱን እዚህ አልደግመውም። ደጋግሜ ለተለያዩ ሠራተኞቻችሁ አስረድቻለሁ፤ ሁሉም «መዝግበነዋል» ብለውኛል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ አንዲት የስልክ ንግግር ልግባ።

በሚያዝያ መጨረሻ «ደንበኝነትዎ ሰኔ 30 ያበቃል፤ እስከ ግንቦት 5 ካደሱ 2 ወር በነጻ እንጨምርልዎታለን» የሚል መልእክት ላካችሁልኝ። ወዲያው አልከፈልኩም። መልእክቱ አንድ ነገር አይናገርም ነበር፦ አዲሱ ዓመት የሚቆጠረው ከከፈልኩበት ቀን ነው ወይስ አሮጌው ውል ካበቃ በኋላ? ይህንኑ ግንቦት 1 ቀን ደውዬ ጠየቅሁ። ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ ጥያቄውን እስክጨርስ እንኳ አልጠበቀም። «አይስጉ፣ ቀሪ ጊዜዎ አይነካም። አዲሱ ውል ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሁለቱ ወር ደግሞ መጨረሻው ላይ ይደመራል» አለኝ። እኔም «እንግዲያው እስከ ሚመጣው ዓመት ነሐሴ 30 ድረስ ማለት ነው?» ብዬ ቀኑን ጠርቼ ጠየቅሁት። «በትክክል» አለ። ስልኩን ሳልዘጋ ከፈልኩ። ንግግራችን እንደሚቀረጽ መጀመሪያ ላይ የነገረኝ የእናንተው ማሽን ነውና ቅጂውን አውጥታችሁ ስሙት።

ደረሰኙ ሲደርሰኝ ግን «የመጀመሪያ ቀን፦ ግንቦት 1። የማብቂያ ቀን፦ የሚመጣው ዓመት ሰኔ 30» ይላል። ከላዩ ላይ የክፍያው ዓይነት በሚለው መስመር «እድሳት» ሳይሆን «አዲስ ምዝገባ» ተብሎ ተጽፏል። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚህች መስመር ላይ ይመስለኛል። ክፍያው እንደ እድሳት ቢመዘገብ ኖሮ በነባሩ ውል ጫፍ ላይ ይቀጠል ነበር፤ እንደ አዲስ ምዝገባ ስለተመዘገበ ግን ቆጠራው ከዚያው ቀን ጀመረ፣ አሮጌው ውል ላይ የነበረኝ ጊዜም በአዲሱ ሥር ተቀበረ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ግንቦት 30 ቀን፣ ሰኔም 30 ቀን ነው፤ የከፈልኩበት ቀሪ ጊዜ 60 ቀን ነበር። ከግንቦት 1 ተነስታችሁ 14 ወር ስትቆጥሩ የምትደርሱት የሚመጣው ዓመት ሰኔ 30 ላይ ነው። አሁን ደግሞ ማስታወቂያችሁን ጨርሶ ያላነበበ፣ ሰኔ 30 ውሉ አብቅቶ በማግሥቱ ያለ ምንም ስጦታ የ12 ወር ዋጋ የከፈለ ሰው አስቡ። የእሱም ውል የሚያበቃው የሚመጣው ዓመት ሰኔ 30 ነው። አንድ ቀን እንኳ ልዩነት የለንም። ልዩነታችን እኔ ገንዘቤን ሁለት ወር ቀድሜ ለእናንተ መስጠቴ ብቻ ነው። ከአንዱ ኪሴ አውጥቶ በሌላው ኪሴ ማስገባት ስጦታ አይባልም። ከእኔ 10 ቀን ቀድሞ የከፈለ ደንበኛ ካላችሁ ደግሞ ጭራሽ ከስሯል፤ ምናልባት ገና አላወቀም።

ይህንን ለሁለተኛዋ ሠራተኛ ሳስረዳ «ደረሰኝዎ ላይ 14 ወር ይላል፤ ስለዚህ ስጦታውን አግኝተዋል» አለችኝ። ግንቦትና ሰኔ እኮ ዓምና የከፈልኩባቸው ናቸው አልኳት። «ኮምፒውተሩ እንደዚያ ነው የሚያሰላው» አለች። ኮምፒውተሩን ያዘዘው ማን እንደሆነ ብጠይቃት ዝም አለች። ኃላፊዋ እስከ ዓርብ እንደሚደውልልኝ ቃል ገባችልኝ፤ ዓርቡ አለፈ፣ ደዋይም አልመጣ። በምትኩ «ቅሬታዎ በአጥጋቢ ሁኔታ ስለተፈታ ተዘግቷል፤ አገልግሎታችንን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ነጥቡን በዚህ ደብዳቤ እንደሰጠሁ ቁጠሩት።

ይህም ሆኖ ዛሬ ጠዋት፣ ሰኔ 15፣ የደረሰኝ መልእክት ባይኖር ኖሮ እጄን ለዚህ ደብዳቤ ባላነሳሁ ነበር። «ውድ ደንበኛችን፣ ደንበኝነትዎ ሰኔ 30 ያበቃል። የቀረዎት 15 ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ካደሱ 1 ወር በነጻ!» ይላል። ከከፈልኩ በኋላ መሆኑ ነው! ማስታወሻ የሚልከው ኮምፒውተራችሁ አሮጌው ውሌ እስከ ሰኔ 30 በሕይወት እንዳለ ያምናል፤ ሒሳብ የሚሠራው ደግሞ ግንቦት 1 ቀን ገድሎታል። ሁለቱ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ሰኔ 30 ድረስ ውል አለኝ ካላችሁ አዲሱ ከሐምሌ 1 መጀመር አለበት፤ የጠየቅሁትም ይህንኑ ነው።

ይባስ ብሎ የዛሬውን ግብዣ በእናንተው አሠራር አሰላሁት። ዛሬ የሚከፍል ሰው ከሰኔ 15 ጀምሮ 13 ወር ቢቆጠርለት እስከ ሚመጣው ዓመት ሐምሌ 14 ይዘልቃል። ሁለት ወር የተሸለምኩት እኔ ሰኔ 30 ላይ ስቆም፣ አንድ ወር የተሸለመው ዘግይቶ ከፋይ ሁለት ሳምንት ይበልጠኛል። አስቀድሞ ለሚያድስ የተዘጋጀ ሽልማት አስቀድሞ ያደሰውን የሚቀጣ ከሆነ ማስታወቂያውን የጻፈውና ሒሳቡን የሠራው ተገናኝተው አያውቁም ማለት ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። አሮጌው ውል በመዝገባችሁ ላይ ክፍት ከሆነ፣ በራሱ የሚታደስበት ምልክትም አብሮ ክፍት ነው። ሐምሌ 1 ቀን ከባንክ ካርዴ ሁለተኛ የዓመት ክፍያ እንዳይቆረጥ እሰጋለሁ። ምልክቱን ራሴ ላጠፋ ብሞክር ገጹ «ለማጥፋት ይደውሉ» ይለኛል፤ ለመክፈል ግን መደወል አያስፈልግም። ስሜም ደረሰኙ ላይ ዛሬም በስሕተት እንደተጻፈ ነው፤ እሱን ከዓምና ጀምሮ ሳሳስብ ቆይቼ ትቼው ነበር፤ አሁን ግን አብራችሁ አስተካክሉት።

ስለዚህ የክፍያው ዓይነት ከ«አዲስ ምዝገባ» ወደ «እድሳት» እንዲዛወር፣ የመጀመሪያ ቀኑ ሐምሌ 1፣ የማብቂያ ቀኑ የሚመጣው ዓመት ነሐሴ 30 ተብሎ የተስተካከለ ደረሰኝ እንዲላክልኝ፣ የአሮጌው ውል በራሱ መታደስም እንዲቆም በአክብሮት እጠይቃለሁ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ የስልክ ቃል ምን ያህል እንደሚጸና አይቻለሁ። እስከ ሰኔ 25 ካልደረሰኝ የግንቦት 1ን ክፍያ ሙሉ በሙሉ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ፤ አሮጌው ውሌ ግን እስከ ሰኔ 30 ይቀጥላል፣ ከፍዬበታለሁና። ሐምሌ 1 ላይ አንዲት ሳንቲም ከካርዴ ከተቆረጠ ባንኬ ክፍያውን እንዲያስመልስልኝ አመለክታለሁ፤ ሁለቱን መልእክቶቻችሁንና ደረሰኙን አያይዤም የሸማቾችን መብት ለሚያስጠብቀው የመንግሥት አካል አቀርባለሁ።

በግንቦት 5 ቀነ ገደብ ውስጥ የከፈሉ ሌሎች ደንበኞችም ደረሰኛቸው ላይ «አዲስ ምዝገባ» ተብሎ ከሆነ፣ እነሱ ሳይደውሉ እናንተው አርሙላቸው።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የግንቦት 1 ደረሰኝ፣ የሚያዝያና የሰኔ 15 መልእክቶች ቅጂ