ስለሚያፈስ የሶላር ታንከር የቀረበ ቅሬታ፣ ዛቻው ከተሰረዘ በኋላ

ቀን፦ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድርጅቱ የጎንደር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ በዋስትና ጊዜው ውስጥ ማፍሰስ የጀመረው የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ታንከር እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. 300 ሊትር የሚይዝ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ በ148,000 ብር ከእናንተ ገዝቼ፣ አራዳ አካባቢ ባለው የእንግዳ ማረፊያዬ ጣሪያ ላይ የራሳችሁ ባለሙያ ገጥሞልኛል። የሰጣችሁኝ የዋስትና ወረቀት ለውስጠኛው በርሜል 2 ዓመት ይላል። ኅዳር 12 ቀን ታንከሩ ማፍሰስ ጀመረ። በማግሥቱ ለባለሙያችሁ በስልክ መልእክት አሳወቅኩ፤ መልእክቱ ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል።

ባለሙያችሁ ኅዳር 17 ቀን መጥቶ አይቶታል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ። ያየው ግን ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ነው፤ «የመገጣጠሚያ ላብ ይሆናል፣ ካልሆነም የውኃ ግፊት በዝቶበት ነው» ብሎ ሄደ። ሁለቱም ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች ስለሆኑ በቸልታ አላለፍኳቸውም። የቧንቧ ባለሙያ ጠርቼ የቀዝቃዛ ውኃ መግቢያውን ቫልቭ ማታ አዘጋሁ። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በጨርቅ አድርቆ እያንዳንዳቸውን በሶፍት ጠቀለላቸው። ጠዋት ሶፍቱ ሁሉ ደረቅ ነበር፤ ውኃው የሚንጠባጠበው ግን ከውጭው ላሜራ የታችኛው ስፌት ነው። ከመገጣጠሚያ የሚመጣ ቢሆን ሶፍቱ ይርስ ነበር። ከላሜራው ሥር የሚወጣ ውኃ ደግሞ ከውስጠኛው በርሜል ወጥቶ ስፖንጁን አርሶ የሚመጣ ነው።

ስለ ግፊቱም ቢሆን፣ የከተማው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ታንከሩ በቀጥታ ከመስመር አይሞላም፤ የሚሞላው ከሮቶ ነው። ሮቶው ከታንከሩ በላይ ያለው ከፍታ አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ይህ የሚሰጠው ግፊት 0.15 ባር ገደማ ነው። የመግጠሚያ መመሪያችሁ እስከ 3 ሜትር ይፈቅዳል፤ ቦታውን የመረጠውም የእናንተው ባለሙያ ነው። በእናንተ በኩል ሊነሣ የሚችል አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ መተንፈሻ ቱቦው ተደፍኖ ከሆነ ውኃው ሲሞቅ ግፊት ሊፈጠር ይችላል። እሱንም አይተነዋል፤ ክፍት ነው፤ ፎቶው ተያይዟል። ከዚህ የተለየ ምክንያት ካላችሁ መጥታችሁ አሳዩኝ፤ ባለሙያችሁ ጣሪያው ላይ በሚወጣበት ቀን የእኔም የቧንቧ ባለሙያ ይገኛል።

አሁን ወደ ወንድሜ መልእክት ልምጣ፤ ያለ እሱ ይህ ደብዳቤ ሙሉ አይሆንም። ኅዳር 25 ቀን ወንድሜ «እስከ ነገ ካልቀየራችሁ ቲክቶክ ላይ እናወጣችኋለን፣ ግማሽ ሚሊዮን ብርም እንከሳችኋለን» ብሎ በቴሌግራም ጽፎላችኋል። እናንተም «ለዛቻ ምላሽ አንሰጥም፤ ጉዳዩ ለሕግ ክፍላችን ተላልፏል» ብላችሁ መለሳችሁ። በመልሳችሁ ውስጥ ውኃ የሚል ቃል አንድም ጊዜ የለም። ስለ ታንከሩ ለመናገር አንገደድም የምትሉበትን መንገድ የሰጣችሁ እሱ ነው፤ እናንተም ተጠቀማችሁበት። የማረፊያው ባለቤትም ውሉን የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ያንን መልእክት በዚህ ደብዳቤ ሰርዤዋለሁ፤ ከእንግዲህ በጉዳዩ ላይ የምጽፈው እኔ ብቻ ነኝ።

መልእክቱን የሰረዝኩት ፈርቼ እንዳይመስላችሁ ምክንያቴን በግልጽ ላስቀምጥ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የሠራሁት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ የከሳሽ የራሱ የዛቻ ደብዳቤ የተከሳሽ ማስረጃ ሆኖ የገባበትን መዝገብ በእጄ ይዣለሁ። ወንድሜ «እስከ ነገ» አለ፤ ነገ መጣ፣ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ በኋላ ከእኛ ቤት የሚወጣ ቀነ ገደብ ማን ያምናል? በ148,000 ብር ለተገዛ ዕቃ ግማሽ ሚሊዮን ሲጠየቅም፣ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለሚያፈሰው በርሜል ሳይሆን ቀሪው ብር ከየት እንደመጣ ነው። የቪዲዮው ነገር ደግሞ ይባስ። በወንጀል ሕጋችን ስም ማጥፋት የተነገረው እውነት ቢሆን እንኳ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ታንከር ላስቀይር ብዬ ተከሳሽ የምሆንበት ምክንያት የለኝም።

በዚሁ መሠረት የማልጠይቀውንም ልናገር። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቅን ይፈቅዳል። ታንከሩ ማፍሰስ ሲጀምር 15 ቀኑ አልፎ ስለነበር በዚያ አንቀጽ አልከራከርም። የዋስትና ወረቀታችሁ ግን የራሳችሁ ቃል ነው፤ ጊዜውም ገና ነው። ለጥምቀት ስለማጣቸው እንግዶችም ሒሳብ አላቀርብም፤ እስከ ዛሬ ክፍል የሰረዘብኝ ሰው የለም፤ ያልደረሰ ኪሣራ ቆጥሬ አልጽፍም።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ ታንከሩ በአዲስ እንዲቀየርልኝ፣ የማንሻና የመግጠሚያ ወጪውንም እናንተው እንድትሸፍኑ፤ ሥራው እስከ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዲያልቅ። ቀኑን የመረጥኩት በደፈናው አይደለም። የገና በዓል በመሃል እንደሚውል፣ ታንከሩም ከአዲስ አበባ መጫን እንዳለበት አስቤያለሁ። ከጥር 4 በኋላ ደግሞ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ መግባት ይጀምራል፤ የጎንደርን የጥር ሌሊት ብርድ እናንተም ታውቁታላችሁ። እስከዚያ ድረስ ማሞቂያውን ዘግቼ በሲሊንደር ጋዝ ውኃ አሞቃለሁ፤ ደረሰኞቹንም እያስቀመጥኩ ነው። ቀኑ አጭር ነው ካላችሁ፣ ታንከሩ የተጫነበትን ወረቀት አሳዩኝና ሌላ ቀን እንቁረጥ።

ይህ ደብዳቤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1772 ጀምሮ የተመለከተው ማስጠንቀቂያ ነው። ሕጉ ባለዕዳው ግዴታውን እንዲፈጽም በቅድሚያ እንዲነገረው፣ የሚሰጠው ጊዜም ተገቢ እንዲሆን ይፈልጋል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ጥር 4 ካለፈ ይህን ደብዳቤ ከአባሪዎቹ ጋር ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቀርባለሁ፤ እዚያ ካልተፈታ በዋስትናው መሠረት ለፍርድ ቤት አቤት እላለሁ። ከነዚህ ሁለቱ ውጭ የማደርገው ነገር የለም፤ እነዚህን ግን አደርጋለሁ።

የንግድ ጽሕፈት ቤቱን በግልባጭ ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው። እኛ አገር የግልባጩ ዝርዝር አንዳንዴ ከደብዳቤው ይረዝማል፤ ከከንቲባ እስከ ሚኒስትር ይደረደራል፤ አንዱም ሳያነበው ይቀራል። ገና መልስ ላልሰጠ ሰው አለቃ መጥራት ያው ዛቻ ነው። እናንተ መልስ እስክትሰጡ ወይም ቀኑ እስኪያልፍ ጉዳዩ በእኔና በእናንተ መካከል ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ በማኅተማችሁ፣ በእንግዳ ማረፊያው አድራሻ እጠብቃለሁ። ደብዳቤውን የተቀበለው ሠራተኛ ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ እንዲያኖርልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት
(ፊርማ)

አባሪ፦ የግዢ ደረሰኝ፣ የዋስትና ወረቀት፣ የኅዳር 13 መልእክት፣ የቧንቧ ባለሙያው የጽሑፍ ማስታወሻና ፎቶዎች

ግልባጭ፦
ለወንድሜ